በልቦለድ ውስጥ ያለን ዝናብ እንደ ትእምርት ስንተነትን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ልቦለድ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ዕቃ፣ ቀለም ወይም የአየር ሁኔታ ስናይ "ይህ የእንዲህ ያለ ነገር ትእምርት ነው" ብሎ መጻፍ አይከብድም። የሚከብደው አንባቢው "ከየት አመጣችሁት?" ሲል ምዕራፉን ገልጦ ማሳየት ነው። ስህተቶቹን በአንድ መጽሐፍ ላይ እንያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 በታተመው የኧርነስት ሄሚንግዌይ "ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ" ላይ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ጦር የአምቡላንስ ክፍል የሚያገለግለው አሜሪካዊ ሌተና ፍሬድሪክ ሄንሪ ካትሪን ባርክሊ ከምትባል ነርስ ጋር ይዋደዳል፤ በመጨረሻ እሷ በወሊድ ምክንያት ትሞታለች። ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ዝናብ አይለያቸውም። ከዚህ በታች ያሉትን ጥቅሶች ከእንግሊዝኛው የመለስናቸው እኛው ነን።

ትርጉሙን ከቤት ይዞ መምጣት

እኛ ዘንድ ዝናብ ሲዘገይ ምህላ ይያዛል፤ ሲጥል በረከት ነው። ይህን ስሜት ይዞ መጽሐፉን የከፈተ ሰው ዝናቡን "ተስፋ" ወይም "መታደስ" ይለዋል። ምዕራፍ 1 ግን የሚዘጋው እንዲህ ነው፦ "የብርዱ ወቅት ሲገባ የማያባራው ዝናብ መጣ፤ ከዝናቡም ጋር ኮሌራ መጣ። ሆኖም ተገታ፤ በመጨረሻ ከጦሩ በእሱ የሞቱት ሰባት ሺህ ብቻ ናቸው።" እዚህ ዝናብን ከሞት ጋር ያጎዳኘው መጽሐፉ ራሱ ነው። የትእምርት መዝገበ ቃላት ከፍቶ "ዝናብ፦ መንጻት" የሚለውን መቅዳትም ያው ስህተት ነው። መፍትሔው ዝናቡ የመጣባቸው ቦታዎች ሁሉ ተሰብስበው እስኪያልቁ ድረስ ስለ ትርጉሙ አንድም ቃል አለመጻፍ ነው።

የሚስማማውን ብቻ መልቀም

ብዙ ድርሰት የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። ተማሪው ምዕራፍ 1ን አየ፣ መጨረሻውን አየ፣ "ዝናብ ሞት ነው" ብሎ ዘጋው። በመሐል ያለው ሁሉ ሳይታይ ቀረ።

ከዚህ የሚያድነው አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው፦ ምዕራፉ፣ የመጽሐፉ ትክክለኛ ቃል፣ ተናጋሪው፣ በዚያች ሰዓት የሚሆነው ነገር፣ ወዲያው ቀጥሎ የሚመጣው። መጽሐፉ በኮምፒውተር ካላችሁ የቃል ፍለጋ ያግዛል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ "ሬይን" ብላችሁ ስትፈልጉ "ትሬይን" ውስጥ ያሉትን ፊደላትም ይዞላችሁ ይመጣል፤ በዚህ ልቦለድ ደግሞ ባቡር ብዙ ነው። በሌላ በኩል ዝናብ የሚለው ቃል ሳይነሳ ማዕበል፣ ጭቃ፣ የራሰ ካፖርት የሚጠቀስባቸውን ቦታዎች ያልፋቸዋል። ስለዚህ ፍለጋው ካለቀ በኋላ እርሳስ ይዞ አንድ ጊዜ ማንበብ የግድ ነው።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ምዕራፍ 37 ላይ አንድ እንቅፋት ይገጥማችኋል። ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ ሐይቁን በጀልባ ቀዝፈው ከጣሊያን አምልጠዋል፤ ጠዋት ስዊዘርላንድ ሲደርሱ እየዘነበ ነው። ካትሪን ትላለች፦ "ዝናቡ አያምርም? ጣሊያን እንዲህ ያለ ዝናብ ዘንቦ አያውቅም። ደስ የሚል ዝናብ ነው።" ይህች ጥቅስ "ዝናብ ሞት ነው" የሚለውን ታፈርሳለች። ሰነፍ ጸሐፊ ይዘላታል። ትጉህ ጸሐፊ ግን ይዟት ይቀጥላል፤ ቀጣዮቹ የሠንጠረዡ መስመሮች መልስ አላቸውና። በተራራው ላይ ያሳለፉት የሰላም ጊዜ የበረዶ ጊዜ ነው። ምዕራፍ 40 ላይ በመጋቢት ዝናብ ይጀምርና በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ተራራውን ለቀው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ምዕራፍ 41 ላይ ካትሪን በሆስፒታል ስትሰቃይ ውጭ እየዘነበ ነው።

እንግዲህ ሐሳቡ ተስተካክሎ እንዲህ ይሆናል፦ ዝናቡ በመጽሐፉ ሙሉ ከሞት ጋር ይጓዛል፤ ካትሪን ስዊዘርላንድ ላይ "ደስ የሚል" ስትለው ያመለጡ መስሏት ነው፤ ምዕራፍ 40 ግን ማምለጡ ጊዜያዊ እንደነበር ያሳያል። ይህ ከመጀመሪያው የጠነከረ ሐሳብ ነው፤ ያጠነከረውም ተቃራኒው ማስረጃ ነው።

የገጸ ባሕርይን ቃል የመጽሐፉ ፍርድ ማድረግ

ምዕራፍ 19 ላይ ካትሪን "ዝናቡን የምፈራው አንዳንድ ጊዜ በዝናቡ ውስጥ ራሴን ሞቼ ስለማየው ነው" ትላለች። ስለ ዝናቡ ሲጻፍ ይህ ንግግር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ግን "ሄሚንግዌይ እንደሚለው" ብሎ ይጠቅሰዋል። የተናገረችው ካትሪን ናት፤ በዚያው ንግግር ፍሬድሪክ ዝናብ እንደሚወድ ይናገራል፣ እሷም ራሷ በዝናብ መሄድ ደስ እንደሚላት ትመልሳለች። ወረድ ብሎ "ዝናቡን አልፈራም" ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ባልፈራው ኖሮ ብላ ትመኛለች። "አልፈራም" የሚለውን ብቻ ቆርጦ የጠቀሰ ሰው ትዕይንቱን ገልብጦታል። ጥቅስ ከመቁረጣችሁ በፊት ከላዩ አምስት መስመር፣ ከታቹም አምስት መስመር አንብቡ።

ምዕራፉ የሚያልቀው በተራኪው ድምፅ ነው፤ ካትሪን ማልቀሷን ትተዋለች፣ "ውጭ ግን መዝነቡን ቀጠለ።" የካትሪን ፍርሃት ከራሷ ስሜት አልፎ የመጽሐፉ ንድፍ አካል መሆኑን ማሳየት የፈለገ ሰው መጥቀስ ያለበት ይህንን ጭምር ነው።

ጥቅሱን አስቀምጦ መሄድ

ደካማው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ "ዝናብ የሞት ትእምርት ነው። ለምሳሌ 'ከዝናቡም ጋር ኮሌራ መጣ' ይላል። ይህም ዝናብ የሞት ትእምርት መሆኑን ያሳያል።" ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ደገመው እንጂ ጥቅሱን አልነካውም።

ቃሉን ስንነካው እንዲህ ይሆናል፦ "ተራኪው ኮሌራው 'በዝናቡ ምክንያት' መጣ አይልም፤ 'ከዝናቡ ጋር' መጣ ይላል። ለዝናቡም ለኮሌራውም ያንኑ 'መጣ' የሚል ቃል ደግሞ ያስገባቸዋል፤ መንስኤ ሳይሰጥ አብረው የሚጓዙ ያደርጋቸዋል። ቀጥሎ 'ሰባት ሺህ ብቻ' ሲል 'ብቻ' የምትለው ቃል በጦርነት ውስጥ ሞት እንዴት እንደረከሰ ታሳያለች።" ጥቅሱ አንድ መስመር ከሆነ ማብራሪያው ቢያንስ ሁለት መስመር ይሁን፤ ከጥቅሱም ውስጥ አንድ የተወሰነ ቃል ይንካ። ማብራሪያችሁ ጥቅሱን ሌላ ጥቅስ ብትተኩትም የሚሠራ ከሆነ ገና አልተነተናችሁም።

ዝናብ ዝናብም መሆኑን መርሳት

ምዕራፍ 27 እና 28 ላይ የጣሊያን ጦር ከካፖሬቶ ሲያፈገፍግ ይዘንባል። ይህ ሽሽት እ.ኤ.አ. በ1917 መጸው የተደረገ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ በሰሜን ጣሊያን በዚያ ወቅት መዝነቡ አያስገርምም። ዝናቡ በታሪኩ ውስጥ ሥራም አለው፦ መሬቱን ያጨቀየዋል፣ መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራሉ። መጀመሪያ ይህን ጻፉ። ወደ ትእምርት የምትሸጋገሩት መጽሐፉ ራሱ ሲጠቁም ነው፤ ማለትም ገጸ ባሕርያቱ ስለ ዝናቡ ሲነጋገሩ፣ ወይም ዝናቡ ምዕራፍ የሚዘጋበት ቦታ ላይ ሲቀመጥ። የልቦለዱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ፍሬድሪክ ከሆስፒታል ወጥቶ "በዝናቡ ውስጥ" ወደ ሆቴሉ መመለሱን ይናገራል፤ ያ ቦታ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም።

አጠቃቀስ ላይ መዝረክረክ

የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ይለያያል፤ ስለዚህ የምዕራፉን ቁጥር አብራችሁ ስጡ። ከጥቅሱ መሐል ቃል ስታወጡ ሦስት ነጥብ አስገቡ፤ ያወጣችሁት ቃል ትርጉሙን የሚለውጥ ከሆነ ግን ሦስት ነጥብም አያድናችሁም፣ መልሱት። ራሳችሁ የተረጎማችሁትን ጥቅስ "ትርጉም የጸሐፊው" ብላችሁ አመልክቱ፤ ከዋናው ጋር ማመሳከር የሚፈልግ አንባቢ የትኛውን መጽሐፍ መክፈት እንዳለበት ያውቃል።