ወጪውና ሥራው ተመጣጥነዋል? የኧርንድ ቫሊዩ ስሌት በአንድ ሰንጠረዥ

ከግቢ ጀርባ ሰርቪስ ቤት እየተሠራ ነው እንበል። ጠቅላላ በጀቱ 2,000,000 ብር ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ 1,600,000 ብር ይወጣል ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ የወጣው ግን 1,450,000 ብር ነው። ባለቤቱ ይህን አይቶ «150,000 ብር ተርፎናል» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል። በወጣው ገንዘብ ምን ያህል ሥራ እንደተሠራ ገና አልጠየቀም። የኧርንድ ቫሊዩ ስሌት የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው፤ የተሠራውን ሥራ በብር ተምኖ ከዕቅዱና ከወጪው ጋር ያነጻጽራል።

1. ሰንጠረዡን ይሙሉ

| ሥራ | በጀት (ብር) | መድረስ የነበረበት | የደረሰበት | የወጣ (ብር) |
|---|---|---|---|---|
| ቁፋሮና መሠረት | 600,000 | 100% | 100% | 660,000 |
| ኮለንና ሶሌታ | 800,000 | 100% | 75% | 720,000 |
| የብሎኬት ግንብ | 400,000 | 50% | 20% | 70,000 |
| ልስን | 200,000 | 0% | 0% | 0 |

በጣም መጠንቀቅ ያለብዎት «የደረሰበት» የሚለው ዓምድ ላይ ነው። ፎርማኑን «ስንት ደረሰ?» ብለው ከጠየቁት ከልቡ ያመነበትን ቁጥር ይነግርዎታል፤ ቁጥሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ሜትር ይዘው ይለኩ። ግንቡ በጠቅላላው 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና የተገነባው 40 ካሬ ቢሆን፣ የደረሰው 20 በመቶ ነው።

2. ሦስቱን ድምሮች ያውጡ

የታቀደው ሥራ ዋጋ PV ይባላል፤ በጀቱን መድረስ በነበረበት መቶኛ ማባዛት ነው። የተሠራው ሥራ ዋጋ EV ሲሆን፣ በጀቱ የሚባዛው በደረሰበት መቶኛ ነው። AC ደግሞ በእርግጥ የወጣው ገንዘብ ነው።

```
PV = 600,000 + 800,000 + 200,000 = 1,600,000
EV = 600,000 + 600,000 +  80,000 = 1,280,000
AC = 660,000 + 720,000 +  70,000 = 1,450,000
```

EV የሚሰላው ሁልጊዜ በበጀቱ ዋጋ ነው። መሠረቱ 660,000 ብር ቢፈጅም፣ የተገኘው ሥራ ዋጋ የተበጀተለት 600,000 ብቻ ነው።

3. ልዩነቶቹንና ኢንዴክሶቹን ያስሉ

```
CV  = EV - AC = -170,000
SV  = EV - PV = -320,000
CPI = EV / AC = 0.88
SPI = EV / PV = 0.80
```

CV የወጪ ልዩነት ነው። ኔጌቲቭ ሲሆን ከተሠራው ሥራ በላይ ወጥቷል ማለት ነው፤ እዚህ 170,000 ብር። «ተረፈ» የተባለው 150,000 የመጣው ሥራው ስለዘገየ ነው። SV ደግሞ በዚህ ቀን ማለቅ ሲገባው ያልተሠራውን ሥራ በብር ይነግረናል። CPI 0.88 ሲሆን፣ ከወጣው ከእያንዳንዱ ብር 88 ሳንቲም የሚያወጣ ሥራ ተገኝቷል። SPI 0.80 ማለት ከታቀደው ሥራ የተሠራው 80 በመቶው ነው።

አካሄዱ ካልተለወጠ ቤቱ የሚፈጀውን ለመገመት በጀቱን ያልተጠጋጋው CPI ላይ ያካፍሉ፤ 2,265,625 ብር ይመጣል።

4. ችግሩ የት እንዳለ በየሥራው ይፈልጉ

ኮለንና ሶሌታ ላይ EV 600,000፣ AC 720,000 ነው፤ CPI 0.83። ከጠቅላላው ጉድለት 120,000 ብሩ የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ቁጣ ከመጀመርዎ በፊት ሳይቱ ላይ ይዙሩ። ለቀሪው ሶሌታ የተገዛ የ100,000 ብር ፌሮ ተከምሮ ካገኙ፣ ወጪው ተመዝግቧል እንጂ ሥራው ገና አልተሠራም። ያንን ከAC ለጊዜው ሲያወጡት የሶሌታው ጉድለት 20,000 ብር ብቻ ይሆናል። የፕሮጀክቱም CPI ወደ 0.95 ይወጣል።

ተቃራኒውም አለ። የብሎኬት ግንቡ 80,000 ብር የሚያወጣ ሥራ በ70,000 ብር የተሠራ ይመስላል፤ CPI 1.14። ግንበኛው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ክፍያ ካልተቀበለ ግን ትርፉ የወረቀት ብቻ ነው። ሥራው ተቆጥሮ ዕዳው አልተመዘገበም። የተሠራው ሥራና ወጪው የአንድ ቀን መሆን አለባቸው።

በሰንጠረዡ መሠረት የየሥራውን CPI አማካይ ለመውሰድም አይሞክሩ። 0.91፣ 0.83 እና 1.14 ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 0.96 ይሰጣሉ፤ ትንሹ ግንብ ከትልቁ ሶሌታ እኩል ስለተመዘነ ነው። ትክክለኛው ከድምሮቹ የወጣው 0.88 ነው።

5. SPIን እስከ መጨረሻ አይመኑት

ሥራው ሲያልቅ EV ከጠቅላላ በጀቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ PVም እዚያው ደርሷል። ስለዚህ ቤቱ አራት ወር ዘግይቶ ቢያልቅ እንኳ SPI 1.00 ይላል። ኢንዴክሱ መጨረሻው አካባቢ እየተሻሻለ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ የመረከቢያውን ቀን የሚያዩት ከሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ነው። መርሐ ግብሩ ላይ ልስኑ ግንቡን፣ ግንቡም ሶሌታውን እንደሚጠብቅ ይታያል፤ ከብር ድምር ግን ይህ አይታይም።