«በሰዓቱ ተጫንኩ፣ ግን ሞትኩ»፦ የፈጣን ጌም ቁልፎችና ቀለሞች፣ ችግርና መፍትሄ

ፈጣን የውጊያ ጌም ለሰዎች ስታስሞክሩ ደጋግማችሁ የምትሰሙት ቅሬታ አለ፦ «ሁሌ እዚህች ቦታ ላይ ነው የምሞተው»። ብዙ ሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው የጠላቱን ጉልበት ይቀንሳሉ። ያኔ ጌሙ ለሁሉም ይቀልላል፣ የሚቸገረው ሰው ግን አሁንም ይቸገራል። ምክንያቱም ተጫዋቹ ማስጠንቀቂያውን ጭራሽ አላየው ይሆናል። ወይም አይቶት እጁ አልደረሰለትም። ወይም በሰዓቱ ተጭኖ ጌሙ ራሱ ትእዛዙን ጥሎታል። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ መፍትሄያቸው ግን የተለያየ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። በጎዶት የተሠራ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሮጥ ጌም ነው። ውጊያው ሳር ላይ ነው። ጠላቱ ከመምታቱ 400 ሚሊሰከንድ በፊት ሰይፉ ቀይ ያበራል። ተጫዋቹ ያኔ ቁልፍ ተጭኖ መሸሽ አለበት።

መጀመሪያ ምክንያቱን ለዩ

ሁለት ሰዓት ብቻ መዝግቡ፦ ሰይፉ ያበራበትንና ቁልፉ የተነካበትን። አንድ የ`print` መስመር ይበቃል። ሰውየው ያንኑ ጠላት ደጋግሞ ይግጠም፣ ከዚያ ዝርዝሩን እዩት። ቁልፉ ጭራሽ ካልተነካ ችግሩ ማየት ላይ ነው። ሁሌ ትንሽ ከዘገየ ችግሩ ጊዜው ነው። በሰዓቱ ተነክቶ ገጸ ባህሪው ካልሸሸ ጥፋቱ የኮዳችሁ ነው። ባዶ ዝርዝር ስታገኙ ግን «ሰይፉ ሲያበራ አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ አይቶ ቁልፉ ስለራቀበት ብቻ ይተወዋል።

ምልክት፦ ሰይፉ ያበራል፣ ተጫዋቹ ግን ምንም አይነካም

የሰይፉ ቀይ `#C83232`፣ የሳሩ አረንጓዴ `#3C7832` ነው እንበል። ቀለም በደንብ ለሚለይ ዓይን ልዩነታቸው ይጮሃል። የብርሃን መጠናቸው ሲሰላ ግን የቀዩ 0.148፣ የሳሩ 0.146 ነው። ንፅፅራቸው 1.01 ለ 1 ነው ማለት ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። ለድረ ገጾች የወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ `WCAG`፣ ለሥዕላዊ ምልክቶች ቢያንስ 3 ለ 1 ይጠይቃል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው በአብዛኛው የሚመካው በብርሃንና በሰማያዊ መጠን ነው። እዚህ ደግሞ የሁለቱም ሰማያዊ እኩል 50 ነው። ስለዚህ ሰይፉ ሳሩ ውስጥ ይጠፋል። ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ በተለያየ ደረጃ ይህ ችግር አለበት። በሌሎች ሕዝቦች ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ሴቶች ላይ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።

ለማረጋገጥ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዳንድ የማጥቆሪያ ዘዴ የሦስቱን ቀለም አማካይ ብቻ ይወስዳል። በዚያ ስሌት ቀዩ 100፣ ሳሩ 77 ገደማ ይወጣና ልዩነት ያለ ያስመስላል። በጊምፕ `Desaturate` ውስጥ `Luminance` የሚለውን ምረጡ፤ ሰይፉ ከሳሩ ጋር ሲቀላቀል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

መፍትሄው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የሰይፉን ብርሃን ቢጫ `#F0E442` አድርጉት። ከሳሩ ጋር ንፅፅሩ 4 ለ 1 ገደማ ይደርሳል። ዙሪያውን ጥቁር መስመር ስጡት፤ ያለዚያ በረዶ ወይም አሸዋ ያለበት ደረጃ ላይ ቢጫውም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ያንኑ መልእክት በቅርፅና በእንቅስቃሴ ድገሙት። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው በጠላቱ ዙሪያ እየጠበበ የሚሄድ ቀለበት ነው። ትንሽ አዶ በ400 ሚሊሰከንድ ውስጥ ማንም አያነባትም። ቀለበቱ ግን ምቱ መቼ እንደሚያርፍም ይናገራል። ብልጭ ድርግም ማድረግ ካማራችሁ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ አትለፉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

መላውን ስክሪን በፊልተር መሸፈን እንደ መፍትሄ አይታየኝም። የቀለም ችግርን የሚያስመስል ፊልተር ለሠሪው መፈተሻ ነው፤ ለተጫዋቹ ሲሰጥ የጠፋበትን ልዩነት አይመልስለትም። ይልቅ የጠላት ምት፣ የራሱ ምትና የሚለቀም ዕቃ ቀለማቸውን እሱ ራሱ እንዲመርጥ ፍቀዱለት።

ምልክት፦ በሰዓቱ ተጭኗል፣ ገጸ ባህሪው ግን አልሸሸም

ኮዱ ቁልፉን የሚቀበለው ገጸ ባህሪው ነፃ በሆነባት ፍሬም ብቻ ነው። አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ናት። ተጫዋቹ የራሱን ሰይፍ እየሰነዘረ ሳለ 5 ፍሬም ቀድሞ ከተጫነ ትእዛዙ ባዶ ሜዳ ላይ ወደቀ። ይህ ሁሉንም ሰው ያበሳጫል፤ ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ለሚቸገር ሰው ግን ጌሙን ይዘጋበታል። መፍትሄው ትእዛዙን ለአጭር ጊዜ ማቆየት ነው፦

```gdscript
var buffer := 0.0

func _physics_process(delta):
    buffer = max(buffer - delta, 0.0)
    if Input.is_action_just_pressed("dodge"):
        buffer = 0.12
    if buffer > 0.0 and can_dodge():
        buffer = 0.0
        start_dodge()
```

0.12 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ወደ 0.3 ብታደርሱት ተጫዋቹ የረሳው ትእዛዝ በኋላ ይፈጸምና «ሳልነካው ሸሸ» የሚል አዲስ ቅሬታ ይመጣል። ገጸ ባህሪው ላይ ምት ሲያርፍም `buffer` ን ባዶ አድርጉት። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳያስበው ሁለቴ ይጫናል፣ ሁለቴም ይሸሻል። ለእሱ ከመጀመሪያው ንክኪ ቀጥሎ ለ0.15 ሰከንድ ያህል ተደጋጋሚውን ችላ የሚል ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ ጨምሩ። ሌላው ሰው እንዳይቸገር መጀመሪያ ጠፍቶ ይቆይ።

ምልክት፦ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል

አንድ ምልክት ብቻ የሚጠብቅ ሰው እንኳ አይቶ ለመጫን ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በውጊያ ግርግር መሃል 400 ሚሊሰከንድ ጠባብ ነው። መፍትሄው የጌሙን ፍጥነት ተጫዋቹ እንዲቀንስ መፍቀድ ነው። በ2018 የወጣው ሰለስት የተባለው ጌም ፍጥነቱን እስከ ግማሽ ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳል።

በጎዶት `Engine.time_scale` ን 0.7 ስታደርጉት ግን ድምፁ አብሮ አይዘገይም። ምቱ ከ571 ሚሊሰከንድ በኋላ ያርፋል፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ግን በ400 ላይ ያልቃል። በጆሮው የሚጫወት ሰው ያኔ ቀድሞ ይሸሽና ይመታል። `AudioServer.playback_speed_scale` ን በዚያው ቁጥር አስተካክሉት። ድምፁ ትንሽ ይወፍራል፣ ሰዓቱን ግን ይጠብቃል።

ምልክት፦ መጀመሪያ ጥሩ ይጫወታል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይዳከማል

እዚህ ምክንያቱ የእጅ ድካም ነው። ለመመከት ቁልፍ ጨብጦ መቆየት ካለበት፣ አንዴ ተጭኖ የሚበራ፣ ደግሞ ተጭኖ የሚጠፋ አድርጉለት። ቁልፍ መደብደብ የሚጠይቅ ቦታ ካለ አንድ ጭነት ይብቃው።

ቁልፎቹን መቀየርም ይቻል፤ ስትሠሩት ሁለት ነገር አትርሱ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የቁልፍ ሥዕል አብሮ ይቀየር፤ አለዚያ ጌሙ «ስፔስ ተጫን» እያለ ሰውየው የሌለ ቁልፍ ይፈልጋል። ከሜኑ የሚያስወጣው ቁልፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዳይሰረዝ ከልክሉ፤ አንድ እጅ ብቻ የሚጠቀም ሰው ሴቲንጉ ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር።