የክፍያ ማመልከቻችሁ ላይ ቀንና ብር ጻፉበት

አባት ድንገት ታሞ ወይም ሥራ ቆሞ የግል ኮሌጅ ክፍያ ሲያቅት፣ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ኮምፒውተር ቤት የሚታተመው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ «እንዲታይልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብሎ ያበቃል። እንዲህ ያለው ወረቀት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። የክፍያውን መርሐ ግብር ራሳችሁ አስገቡበት። ለምሳሌ ሴሚስተሩ 18,000 ብር ከሆነ፦ «ዛሬ 6,000፣ ጥቅምት 25፣ ኅዳር 25 እና ታኅሣሥ 25 ደግሞ 4,000 4,000 እከፍላለሁ።» ቀኖቹ የቤተሰብ ደመወዝ ከገባ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይሁኑ፤ የመጨረሻው ደግሞ ከፈተና በፊት ይጠናቀቅ። ፋይናንስ ክፍል ያለው ሰው ከሒሳቡ ጋር ከመታገል «ይፈቀድ» ብሎ መምራት ይቀለዋል።

የሐኪም ወይም የወረዳ ማስረጃ አያይዙ። በሁለት ኮፒ ወስዳችሁ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያሳርፍላችሁ፤ ያለ ቁጥር ደብዳቤው የት እንደደረሰ መከታተል ጣጣ ነው። ማኅተሙ ግን መድረሱን እንጂ መፈቀዱን አያሳይም።

ሙሉ በሙሉ ነጻ እንድትደረጉ የምትጠይቁ ከሆነ ይህን አትጠቀሙ። እሱ የሚወሰነው በአብዛኛው ከፋይናንስ በላይ ስለሆነ ለብቻው ይጻፍ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከጠየቃችሁ «መክፈል ይችላል» ተብሎ ነጻው ሊቀር ይችላል።