በፎቶ ላይ ቢራቢሮን ከእሳት እራት እንዴት መለየት ይቻላል፦ የአንቴና ቅርጽና የክንፍ አቀማመጥ

መስከረም ላይ በደሴ ዙሪያ ያሉ ተረተሮች አደይ አበባ ሲለብሱ፣ አበባው ላይ ያረፈውን ሁሉ በስልክ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው። ፎቶውን አይቶ ለመፍረድ ግን አብዛኛው ሰው የሚመለከተው ቀለሙን ነው፤ ያሸበረቀውን ቢራቢሮ፣ ቡናማውን የእሳት እራት ይለዋል። ቀለም በዚህ ጉዳይ ላይ አያስተማምንም፤ በቀን የሚበሩ ደማቅ የእሳት እራቶች እንዳሉ ሁሉ አፈር የመሰሉ ቢራቢሮዎችም አሉ። ይበልጥ የሚያስተማምነው በመጀመሪያ የአንቴናውን ጫፍ፣ ቀጥሎም ነፍሳቱ ሲያርፍ ክንፉን እንዴት እንደያዘ ማየት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከአነሳሱ ነው። በስልኩ ማያ ላይ ትኩረቱን ክንፉ ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ላይ ያድርጉ፤ ከዚያም አንዱን ፎቶ ከላይ፣ ሌላውን ከጎን ያንሱ። ሁለቱም የሚያስፈልጉት ጫፉ ወደ ካሜራው የዞረ አንቴና ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲታይ አጥሮ ስለሚታይና ቀጭኑም ቋጠሮ ያለው ስለሚመስል ነው። የደበዘዘ ጫፍም እንዲሁ ወፍሮ ይታያል። ስለዚህ ከካሜራው ከአንቴናው ጫፍ ጋር እኩል ርቀት ላይ ያሉት የእግሩ ፀጉሮች ለየብቻ የማይታዩ ከሆነ የጫፉን ውፍረት ማመን አይገባም።

ፎቶው ጥርት ያለ ከሆነ አንቴናውን ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይንዎ ይከተሉ። የቢራቢሮ አንቴና እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን ሆኖ ይሄድና ጫፉ ላይ በድንገት ይወፍራል። የእሳት እራት አንቴና ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጫፉ ድረስ እየቀጠነ የሚሄድ ክር መሰል ነው፤ ወይም ከግራና ከቀኝ ጥርስ ያወጣ ላባ መሰል ነው። ላባ መሰሉ በተለይ በወንዶቹ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ሴቷ በአየር የምትለቀውን ሽታ የሚይዙት በእርሱ ስለሆነ ሰፊ ገጽ ያስፈልጋቸዋል። ላባ መሰል አንቴና በግልጽ ከታየ ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግም።

አንዳንዴ አንቴናው ጨርሶ አይታይም። ብዙ የእሳት እራቶች ሲያርፉ አንቴናቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ከክንፋቸው ሥር ስለሚደብቁት አለመታየቱ ጥቆማ ይሰጣል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ሌላው አሳሳች ነገር በባቄላና በአተር ማሳ የምትገኘው ጅራታም ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ናት። በኋላ ክንፏ ጫፍ ላይ ቀጫጭን ጅራቶች፣ አጠገባቸውም ዓይን የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች ስላሏት የኋላዋ ጭንቅላት ይመስላል። ጠላቷም የሚሳሳተው በዚሁ ነው። እግሮቹ የበቀሉበትንና እውነተኛው ዓይን ያለበትን ጎን ሳያረጋግጡ አንቴና ቆጥሬአለሁ አይበሉ።

ወደ ክንፉ ስንመጣ፣ ቢራቢሮ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ ክንፎቹን ከጀርባው በላይ አጋጥሞ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። የእሳት እራት ደግሞ ጠፍጣፋ አድርጎ ይዘረጋል፤ ወይም በጀርባው ላይ ወደ ግራና ቀኝ አዘቅዝቆ ሰውነቱን ይሸፍንበታል። ይህ ምልክት ሁለተኛ የሆነበት ምክንያት በወሎ ደጋ በየጠዋቱ ይታያል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደሴ ማለዳው ብርድ ነው፤ ቢራቢሮም ለመብረር ሰውነቱን ማሞቅ ስላለበት ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። በዚያ ሰዓት የተነሳ ፎቶ ላይ የተዘረጋ ክንፍ ምንም አይወስንም፤ ስለዚህ ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት አብሮ መመዝገብ ይጠቅማል። በአንጻሩ ክንፋቸውን አጋጥመው የሚያቆሙ የእሳት እራቶችም ጥቂት አይደሉም።

ከባዱን ምሳሌ እንመልከት። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የየጎፍ ደን ጠርዝ፣ አበባ ላይ የተነሳ ፎቶ አለን እንበል፦ ሰውነቱ ወፍራምና ፀጉራም፣ ቀለሙ ቡናማ፣ ጭንቅላቱ ሰፊ ነው። በመጀመሪያ እይታ የእሳት እራት ነው ያሰኛል። አንቴናውን ስንከተል ግን ዘንጉ ቀጭን ነው፤ ጫፉ አጠገብ በድንገት ይወፍርና በቀጭን መንጠቆ ያበቃል። መንጠቆ በአንዳንድ የእሳት እራቶችም አለ፤ ለምሳሌ አበባ ፊት አየር ላይ ቆመው የሚቀስሙት አላቸው፤ የእነርሱ አንቴና ግን ቀስ በቀስ እየወፈረ የሚሄድ እንጂ በድንገት የሚያብጥ አይደለም። ክንፉን ስናይ የኋላው ጠፍጣፋ ተዘርግቶ የፊተኛው በከፊል ቀና ብሏል፤ ሁለቱ ጥንድ በተለያየ አቅጣጫ ተይዘዋል። ይህ አቀማመጥ ስኪፐር ከሚባሉት ቢራቢሮዎች የብዙዎቹ መለያ ነው። ሁለቱ ምልክቶች ስለተስማሙ ፍርዱ ቢራቢሮ ነው።

ሁለቱ ባይስማሙስ? በቀን ከሚበሩት የእሳት እራቶች ጥቂቶቹ አንቴናቸው ጫፉ ላይ ወፈር ይላል። እንዲህ ያለው ነፍሳት ክንፉን አዘቅዝቆ ጀርባው ላይ ከከደነ የጫፉን ውፍረት ብቻ ይዞ ቢራቢሮ ማለት ተገቢ አይደለም፤ ከጎን የተነሳ ሌላ ፎቶ እስኪገኝ ድረስ ስያሜውን ማዘግየት ይሻላል።