የፎቶ ቦታ ስትገምቱ አማራጮቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ

ተራሮች የከበቡት ሐይቅ የሚታይበት፣ ከወሎ መንገድ ላይ ተነሣ የተባለ ፎቶ ቀርቦላችሁ ቦታውን ብትጠየቁ፣ «ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው» ብላችሁ ከመቁረጥ ይልቅ እንዲህ ብትጽፉ ይሻላል፦ «አንደኛ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ 55 በመቶ፤ ሁለተኛ አርዲቦ፣ 25 በመቶ፤ ሦስተኛ ከኮረም በስተሰሜን ያለው አሸንጌ፣ 15 በመቶ፤ ቀሪው 5 ላላሰብኩት ሌላ ሐይቅ።»

ቁጥሮቹ ተለክተው የተገኙ ሳይሆኑ የግምታችሁን ብርታት የሚያሳዩ ስለሆኑ፣ ከእያንዳንዱ አማራጭ ጎን ምክንያቱንና ግምቱን የሚለውጠውን ምልክት ጨምሩ። ለምሳሌ ገዳሙ ያለበት፣ ወደ ውኃው የገባው በዛፍ የተሸፈነ መሬት በፎቶው ቢታይ የመጀመሪያው ግምት በእጅጉ ይጠነክራል፤ አለመታየቱ ግን ብዙም አያዳክመውም፣ ምክንያቱም ፎቶ አንሺው ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሐይቅ እስጢፋኖስና አርዲቦ ጎረቤታሞች ሆነው ሁለቱም በደቡብ ወሎ ስለሚገኙ፣ ድርሻቸውን ደምራችሁ «ደቡብ ወሎ ለመሆኑ 80 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ማለት ትችላላችሁ። ጠያቂው የፈለገው ዞኑን ብቻ ከሆነ ይህ ይበቃዋል።