የሌለ ዕቃ እንዳይሸጥ፦ የሱቅን ክምችት ከብዙ የኦንላይን ገበያዎች ጋር ማናበብ

አንድ ዕቃ በራስዎ ድረ ገጽና በሦስት የኦንላይን ገበያዎች ላይ ይሸጣል እንበል። አራት ቦታ አራት ቁጥር አለ፤ እውነተኛው ግን መደርደሪያው ላይ ያለው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ችግሩ የፍጥነት ስለሚመስለው ቁጥሩን በየደቂቃው ወደ ሁሉም ይልካል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ፍጥነት ችግሩን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ወሳኙ የሚላከው ቁጥር የትና መቼ እንደተነበበ ነው።

1. መቀነስ ያለበት አንድ ቦታ ነው

ዋናው ቁጥር በእርስዎ ዳታቤዝ ውስጥ ይኑር፤ ገበያዎቹ ቅጂውን ብቻ ይያዙ። በራስዎ ድረ ገጽ ላይ ሲሸጥ ቁጥሩን አንብቦ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ቀንሶ፣ መልሶ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ሁለት ገዢዎች እኩል ሲመጡ ሁለቱም «1 አለ» የሚል ያነባሉና። ማረጋገጡና መቀነሱ በአንድ ትእዛዝ ይሁን፦

```sql
UPDATE stock
SET available = available - 1
WHERE sku = 'BAG-07' AND available >= 1;
```

አንድ ረድፍ ከተቀየረ ሽያጩ ይጸድቃል። ምንም ረድፍ ካልተቀየረ ዕቃው አልቋል ማለት ነውና ክፍያ ከመጠየቅዎ በፊት ለገዢው ይንገሩት።

2. አንድን ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ አይቁጠሩ

ከገበያዎቹ የሚመጣው የትዕዛዝ ማሳወቂያ ሊደገም ይችላል። መልስ ሳይደርሰው የቀረ ሰርቨር ያንኑ መልእክት እንደገና ይልካል። ስለዚህ እያንዳንዱን የትዕዛዝ መስመር በገበያው ስም፣ በትዕዛዙ ቁጥርና በመስመሩ ቁጥር ለይተው ይመዝግቡ፤ ሦስቱ አንድ ላይ እንዳይደገሙ ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል። በፖስትግሬስ እንዲህ ይጻፋል፦

```sql
INSERT INTO order_lines (channel, order_id, line_id, sku, qty)
VALUES ('A', '5512', '1', 'BAG-07', 2)
ON CONFLICT DO NOTHING;
```

ረድፍ ከገባ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ክምችቱን ይቀንሱ፤ ካልገባ ግን ምንም አይንኩ። እዚህ ላይ ግን `available >= 1` የሚለውን ቅድመ ሁኔታ አያስገቡ። ገበያው ላይ ሽያጩ አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ ይውረድ። ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር አንድ ደንበኛ ይቅርታ ሊጠየቅ እንደሚገባ የሚነግርዎ ማንቂያ ነው። የተሰረዘ ትዕዛዝም በራሱ ረድፍ አንዴ ብቻ ተመዝግቦ ወደ ክምችቱ ይመለስ።

3. ወረፋው ላይ ቁጥር አያስቀምጡ

ክምችት ሲቀየር «ቦርሳው 3 ሆነ» የሚል መልእክት ወረፋ ላይ ማስቀመጥ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ነገር ግን ያ መልእክት በኔትወርክ ምክንያት ዘግይቶ «2 ሆነ» ከሚለው በኋላ ቢደርስ፣ ገበያው ላይ አሮጌው 3 ይቀራል። ወረፋው ላይ የዕቃውን መለያ ብቻ ያስቀምጡ፤ «BAG-07 ተነክቷል» ይበቃል። ላኪው ፕሮግራም ተራው ሲደርስ የዚያን ሰዓቱን ቁጥር ከዳታቤዝ ያንብብ። ለአንድ ዕቃና ለአንድ ገበያ በአንድ ጊዜ አንድ ላኪ ብቻ ይሥራ።

ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ያለፋችኝ ነገር አለች። «ተነክቷል» የሚለውን ምልክት የማጠፋው ከላክሁ በኋላ ነበር። ቁጥሩን አንብቤ ምልክቱን እስካጠፋ ድረስ ባለው ጊዜ ሌላ ሽያጭ ከገባ፣ የእሱም ምልክት አብሮ ይጠፋል፤ ገበያውም ስለዚያ ሽያጭ ሳይሰማ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ምልክቱን ማጥፋት፣ ከዚያ ማንበብ፣ ከዚያ መላክ ነው። መላኩ ካልተሳካ ምልክቱን መልሰው ያብሩት።

4. ከመላክዎ በፊት ትዕዛዝ ይሰብስቡ

አብዛኛው ሰው የሚስተው ይህን ነው። ገበያው ሲሸጥ የራሱን ቅጂ ራሱ ይቀንሳል፤ እርስዎ ግን ወሬውን የሚሰሙት ዘግይተው ነው። በዚያ መካከል የሚልኩት ቁጥር የገበያውን ትክክለኛ ቁጥር ይሽረዋል።

በምሳሌ እንየው። ቦርሳው በሁሉም ቦታ 2 ይላል። ገበያ ሀ ላይ አንድ ሰው ሁለቱንም ገዛ፤ እዚያ ያለው ቁጥር 0 ሆነ። ማሳወቂያው ገና አልደረሰዎትም። በዚያው ደቂቃ ቀደም ሲል የተሸጠ አንድ ቦርሳ ተመልሶ መጣና የእርስዎ ዳታቤዝ ከ2 ወደ 3 ከፍ አለ። ላኪው 3ን ለሁሉም ላከ። ገበያ ሀ ላይ ያለቀው ዕቃ ሦስት ሆኖ ተነሣ፤ በእጅዎ ለሽያጭ ያለው ግን 1 ብቻ ነው። የሚቀጥለው ገዢ ሁለት ቢያዝ አንዱ የለም።

መፍትሔው ላኪው ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት የዚያን ገበያ አዳዲስ ትዕዛዞች እንዲጠይቅና በ2ኛው ደረጃ መንገድ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። ያኔ የሁለቱ ቦርሳ ትዕዛዝ ይገባል፣ ዳታቤዙ 1 ይሆናል፣ የሚላከውም 1 ይሆናል። ማሳወቂያው በኋላ ሲደርስ የተመዘገበ መሆኑ ስለሚታወቅ ጉዳት የለውም። ክፍያቸው ገና ያልተረጋገጠ ትዕዛዞችንም ይጠይቁ፤ አማዞን ላይ እነዚህ `Pending` በሚል ይታያሉ። እነሱን የሚዘል ፕሮግራም ለገዢ የተያዘውን ዕቃ ነጻ አድርጎ ይቆጥራል።

5. ለቀረው ክፍተት መጠባበቂያ

በመሰብሰብና በመላክ መካከል አሁንም ጥቂት ሰከንዶች አሉ፤ ገበያው የላኩለትን እስኪያሳይም ጊዜ ይወስዳል። ይህንን ክፍተት በኮድ መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ለገበያዎች የሚልኩትን ጥቂት ዝቅ ያድርጉ፦

```text
የሚላክ = max(0, available - buffer)
```

መጠኑን በግምት አይወስኑ። ከላኩበት ሰዓት ጀምሮ ቁጥሩ ገበያው ላይ እስኪታይ ያለውን ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ይመዝግቡ፤ አማካዩን ሳይሆን ረጅሙን ይውሰዱ። ረጅሙ 4 ደቂቃ ከሆነ፣ ያ ዕቃ ሽያጩ በደራበት 4 ደቂቃ ውስጥ በሁሉም ቦታ ስንት እንደተሸጠ ይዩ። ሁለት ከሆነ መጠባበቂያው 2 ነው። በወር አንዴ ለሚሸጥ ዕቃ ግን ያው 2 ሽያጭ ማባከን ስለሚሆን ለየዕቃው ይለያይ።

የራስዎ ድረ ገጽ ቁጥሩን በቀጥታ ከዳታቤዙ ስለሚያነብ መጠባበቂያ አያስፈልገውም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቦርሳዎች እዚያ እስከ ዜሮ ድረስ ይሸጣሉ። ድረ ገጽ ከሌለዎት የመጨረሻዎቹን ለአንድ ገበያ ብቻ ይተዉ።

6. ሌሊት ያወዳድሩ፣ ግን ዝም ብለው አይሻሩ

ገበያ በተቀዛቀዘበት ሰዓት እያንዳንዱ ገበያ የሚያሳየውን ቁጥር አውርደው መላክ ከነበረበት ጋር ያወዳድሩ። ልዩነት ሲገኝ አስተካክለው ብቻ አይለፉ፤ ልዩነቱን መዝግበው ያስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ ልዩነቱ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ሁልጊዜ አንድ ዕቃ ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መለያው ከተሳሳተ ዕቃ ጋር ተያይዟል። በአንድ ገበያ ዕቃዎች ሁሉ ላይ ከሆነ መላኩ እየከሸፈ ነው፤ የስህተት መልሱን የሚያነብ የለም። ገበያዎቹ ሁሉ ከእርስዎ ጋር እየተስማሙ መደርደሪያው ላይ ግን ትርፍ ዕቃ ከተገኘ፣ አንድ የተሰረዘ ትዕዛዝ ወደ ክምችቱ ሳይመለስ ቀርቷል።