ከራውልት ሕግ የሚያፈነግጡ ድብልቆች፦ የመፍላት ነጥብ ሥዕል ስንስል የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር የአንድ ጥያቄ መልስ ደጋግሞ ያሳስበኛል። «ኤታኖልና ውሃ ከራውልት ሕግ ያፈነግጣሉ፤ የመፍላት ነጥብና የድርሻ ሥዕላቸውን ሳሉ» የሚለው ነው። ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ሥዕሉ ላይ ይስታል። ስህተቶቹም በየዓመቱ እነዚያው ናቸው፤ ስለዚህ በዚሁ በኤታኖልና በውሃ አንድ በአንድ ልያቸው። ይህን ድብልቅ የመረጥኩት ወሎ ውስጥ አረቄ ሲወጣ ያላየ ተማሪ ስለሌለኝ ነው።

ስህተት 1፦ የግፊቱን ሥዕል ቅርጽ እንዳለ መገልበጥ

በራውልት ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ፈሳሽ ለእንፋሎቱ የሚያዋጣው ግፊት ንጹህ ሳለ የነበረው ግፊት በሞል ድርሻው ተባዝቶ ነው፦ p = x · p*። የድብልቁ ግፊት ከዚህ ስሌት በላይ ሲሆን ማፈንገጡ ፖዘቲቭ ነው ይባላል፤ በታች ሲሆን ኔጋቲቭ።

ተማሪው የግፊቱን መስመር ወደ ላይ ጎብጦ ይስለዋል፤ ትክክል ነው። ከዚያ ወደ ሙቀቱ ሥዕል ሲሻገር ያንኑ ጉብታ ወደ ላይ ይደግመዋል። እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። ግፊቱ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ድብልቅ ብዙ ሙቀት ሳይፈልግ እዚያ ይደርሳል፤ ስለዚህ ግፊቱ ላይ ጉብታ ያለው የመፍላት ነጥቡ ላይ ጎድጓዳ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። በባሕር ወለል ግፊት ኤታኖል በ78.3 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። የኤታኖሉ የሞል ድርሻ 0.895 የሆነ ድብልቅ ግን በ78.2 ዲግሪ ይፈላል፤ ከሁለቱም በታች ማለት ነው። በዚህ ሙቀት የንጹህ ኤታኖል ግፊት ወደ 100.8፣ የንጹህ ውሃ ደግሞ ወደ 44 ኪሎ ፓስካል ነው። በሕጉ ብናሰላው 0.895 × 100.8 + 0.105 × 44 ወደ 94.8 ይመጣል። ድብልቁ ግን በተግባር ስለሚፈላ ግፊቱ 101.3 ነው። ትርፉ ከየት መጣ? ሲመረመር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃው ነው። በኤታኖል የተከበበው ጥቂት ውሃ ሕጉ ከሚጠብቅበት ከእጥፍ በላይ ግፊት ይሰጣል፤ ብዙው ኤታኖል ግን ሕጉን ሊያከብር ምንም አልቀረውም። ተማሪዎቼ ሁለቱም እኩል የሚያፈነግጡ ይመስላቸዋል፤ ጎልቶ የሚያፈነግጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ያነሰው ነው።

ስህተት 2፦ «ፖዘቲቭ ከሆነ ሙቀት ይስባል፣ መጠኑም ይጨምራል»

ይህ ከሠንጠረዥ የተሸመደደ አባባል ነው። ለብዙ ድብልቆች ቢሠራም ለዚህኛው አይሠራም። ኤታኖልና ውሃ ሲቀላቀሉ ዕቃው ይሞቃል፤ 50 ሚሊ ሊትርና 50 ሚሊ ሊትር ሲደመሩም 100 አይሞሉም። ማፈንገጡ ግን ፖዘቲቭ ነው። ምክንያቱ የውሃ ሞለኪውሎች በኤታኖሉ ካርቦናማ ጭራ ዙሪያ ይበልጥ ሥርዓት ይዘው መደርደራቸው ነው፤ ያጡት ነጻነት የተለቀቀውን ሙቀት ይበልጠዋል። የማፈንገጡን ምልክት ሙቀቱን ዳስሶ መለየት አይቻልም፤ መለኪያው ግፊቱ ራሱ ነው።

ስህተት 3፦ ያፈነገጠ ሁሉ አዜኦትሮፕ አለው ብሎ ማሰብ

አዜኦትሮፕ የፈሳሹና የእንፋሎቱ ድርሻ አንድ የሚሆንበት ነጥብ ነው። ሜታኖልና ውሃም በፖዘቲቭ ያፈነግጣሉ፤ ነገር ግን አዜኦትሮፕ የላቸውም። ሜታኖል የሚፈላው በ64.7 ዲግሪ በመሆኑ ከውሃ እጅግ ይርቃል፤ ማፈንገጡም ያንን ርቀት የሚሻገር ጉልበት የለውም። ስለዚህ መስመሩ ይጎብጣል እንጂ ጎድጓዳ አይሠራም። ጥያቄው ላይ የሁለቱ የመፍላት ነጥቦች ከተሰጡ መጀመሪያ ልዩነታቸውን ተመልከቱ፤ ሲቀራረቡ ትንሽ ማፈንገጥም ይበቃል። አሴቶን በ56፣ ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ይፈላሉ። እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ማፈንገጣቸው ኔጋቲቭ ነው፤ በዚህም የተነሳ 64 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ብሎ የሚፈላ ጫፍ ይሠራሉ።

ስህተት 4፦ ጎድጓዳውን የተሳሳተ ቦታ ላይ፣ በተሳሳተ ቅርጽ መሳል

መጽሐፍ የኤታኖልና የውሃ አዜኦትሮፕ 95.6 በመቶ ኤታኖል ነው ሲል የሚናገረው ስለ ክብደት ነው። አግድሙ መስመር የሞል ድርሻ ከሆነ 0.956 ላይ ማስቀመጥ ስህተት ነው። በ100 ግራም ውስጥ 95.6 ግራም ኤታኖል ሲካፈል ለ46 ወደ 2.08 ሞል፣ 4.4 ግራም ውሃ ሲካፈል ለ18 ወደ 0.24 ሞል ይሆናል። ድርሻው 0.895 የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ቅርጹ። በግራ ውሃን 100 ላይ፣ በቀኝ ኤታኖልን 78.3 ላይ አድርጉ፤ ነጥቡን 0.895 ላይ ከቀኙ ጫፍ እጅግ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ። ሁለቱም ኩርባዎች፣ የፈሳሹም የእንፋሎቱም፣ እዚያ ነጥብ ላይ መነካካት አለባቸው፤ ሲነካኩም ሁለቱም አግድም ይተኛሉ። ብዙዎች እንደ «ቪ» ሹል ያደርጓቸዋል፤ ወይም እንደ መቀስ ያቋርጧቸዋል። ሁለቱም አይሆንም። ውጤቱ ሁለት ቅጠሎች መሆን አለበት፤ በግራ ሰፊ፣ በቀኝ ቀጭን።

ስህተት 5፦ የትኛው ኩርባ የእንፋሎት እንደሆነ ማምታታት

ላይኛው የእንፋሎት፣ ታችኛው የፈሳሽ ነው። ከላይኛው በላይ ሁሉም እንፋሎት፣ ከታችኛው በታች ሁሉም ፈሳሽ፣ በቅጠሉ ውስጥ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። የኔጋቲቭ ሥዕል ላይም ይህ አይለወጥም፤ ተማሪ ጫፉ ወደ ላይ ሲዞር ስሙንም አብሮ ይገለብጠዋል።

ንባቡን በድፍድፉ እንለማመድ። የኤታኖሉ የሞል ድርሻ 0.019 ቢሆን፣ ይህም በክብደት 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ድብልቁ በ95.5 ዲግሪ ይፈላል። በዚያ ሙቀት አግድም መስመር ስቡ፤ ላይኛውን ኩርባ 0.17 ላይ ያገኘዋል። በመቃው ሾልኮ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ይህ ነው። እየቆየ የሚወርደው ግን እየቀጠነ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ማሰሮው ውስጥ የቀረው ወደ ውሃው እየተጠጋ ነው። የወጣውን መልሰው ቢያወጡት «ዳግም» የምንለው ይሆናል። ከ0.17 ተነስቶ በ84 ዲግሪ ግድም የመጀመሪያው ጠብታ 0.51 ይደርሳል። ሦስተኛው ጊዜ 0.66 ላይ ያደርሳል። እርምጃው እያጠረ መሄዱን አስተውሉ፤ ቅጠሉ እየጠበበ ነው። 0.895 ሲደርስ አግድሙ መስመር ርዝመት የለውም፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ቢደጋገም አይነጻም። «በመደጋገም 100 በመቶ አልኮል ይገኛል» የሚል መልስ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከ0.895 በላይ የሆነ ድብልቅ ብናፈላም ወደ መቀበያው የሚወጣው ወደዚያው ነጥብ ይመጣል፤ ንጹሁ ኤታኖል ማሰሮው ውስጥ ይቀራል።

ስህተት 6፦ ግፊቱን ሥዕሉ ላይ አለመጻፍ

ቤተ ሙከራችን ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ቴርሞሜትሩ 100 ካላሳየ አልተበላሸም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 75 ኪሎ ፓስካል፣ የውሃ የመፍላት ነጥብ 92 ዲግሪ አካባቢ፣ የኤታኖል ደግሞ 71 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል እዚያ ሁለቱም ጥቂት ከፍ ይላሉ። ሥዕሉ በሙሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ አዜኦትሮፑም ግፊቱ ሲቀንስ ቀስ እያለ ወደ ኤታኖሉ ጫፍ ይጠጋል። በደሴ ግፊት ለውጡ ትንሽ ስለሆነ በእጅ ሥዕል አይታይም። ግፊቱ ከ10 ኪሎ ፓስካል በታች እስኪወርድ በቫክዩም ከተሳበ ግን አዜኦትሮፑ ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ ከሥዕሉ ራስ ላይ «በ101.3 ኪሎ ፓስካል» ወይም «በ75 ኪሎ ፓስካል» ብላችሁ ጻፉ፤ እኔ ሳርም መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።